ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት

በቢሮአችን «የእሷ እጅ ቅቤ ነው» ይሉኝ ነበር። ስለ ወጥ አይደለም፤ ስለ ደብዳቤ ነው። ከሚሴ ውስጥ ባለ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት፣ በጤና ትምህርት ክፍል፣ የዕድሜዬን ግማሽ ያህል ሠርቻለሁ። ሐኪም የጻፈውን ደረቅ ነገር ገበሬና ነጋዴ በሚሰማው አፍ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ አዙሬ መጻፍ ሥራዬ ነው። ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ያንን ምስጋና ሳስታውሰው ያቅለሸልሸኛል።

እኛ አገር ክፉ ነገር በባዶው አይነገርም። መርዶ ነጋሪ እንኳ ቢመጣ መጀመሪያ ደህንነትህን ይጠይቃል፤ ከዚያ ከብቱን፣ ከዚያ ዝናቡን፣ ከዚያ ዱዓ ያደርግልሃል። ነገሩን የሚያወጣው አንተ ራስህ ገምተህ ስታበቃ ነው። ከዚያም በኋላ «አብሽር» ይልሃል። አብሽር ማለት አይዞህ ነው፣ ግን ከአይዞህ ትንሽ ይሞቃል። በዚህ ቃል ነው ያደግኩት፤ አባቴ ሲሞትም ያቆመኝ ይኸው ቃል ነው። ስለዚህ አሁን የምናገረው ቃሉን ለመስደብ አይደለም። እኔን ለመስደብ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጨፋ ሮቢት ገበያ፣ በአንድ ረቡዕ ነው። አንድ ውሻ ገበያው መሀል ገብቶ አራት ሰው ነከሰ። ሰዉ በዱላ ገደለው። ደግነቱ አንድ የእንስሳት ሐኪም እዚያው ነበርና ሬሳው እንዳይጣል ከለከለ፤ ጭንቅላቱ በበረዶ ተይዞ ለምርመራ ተላከ። ሐሙስ ማታ ውጤቱ በስልክ ደረሰ፤ ውሻው ያበደ ነበር።

ዓርብ ጠዋት የበሽታ ቁጥጥር ሥራ ላይ ያለው ነርስ ወረቀት ይዞ ክፍሌ መጣ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲናገር ዓይን የማይሰብር ሰው ነው። አንዳንዱ ሰው ባለጌ ይለዋል፤ እኔም እል ነበር። በእጁ የጻፈው አምስት መስመር ብቻ ነው። እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ረቡዕ ገበያ ላይ ውሻ የነከሰው፣ የቧጨረው ወይም ቁስሉን የላሰው ሰው ዛሬ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ። ዛሬ ካልቻለ ነገ ጠዋት ይምጣ፤ ከዚያ አይለፍ። ቁስሉን አሁኑኑ በውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብ። ክትባቱ አምስት ጊዜ ነው፤ በመጣበት ቀን፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ አራተኛውና በሃያ ስምንተኛው ቀን፤ አንዱም አይቀርም። በሽታው አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም፤ ይገድላል።»

«ለጁምዓ መድረስ አለበት» አለኝ። «ሼኹ ከሶላት በኋላ በማይኩ ያነቡታል። ሦስቱን ሰዎች ስልካቸውን አግኝቼ ጠርቻቸዋለሁ። አራተኛዋን ሴት ግን የሚያውቃት አላገኘሁም። ማሽላ ልትሸጥ የመጣች ናት ነው የሚሉት፤ ውሻውን ከጆንያዋ ላይ ስታባርር እጇን ነክሷታል። ወረቀቱ የሚጻፈው ለእሷ ነው።»

አየህ፣ ያኔውኑ ነግሮኛል። ወረቀቱ የሚጻፈው ለአንዲት ሴት ነው፤ ካልሰማች ትሞታለች። አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

ወረቀቱን ለኃላፊያችን አሳየሁት። ኃላፊያችን ጨዋ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ የምስጋና ምስክር ወረቀት በመስታወት ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ሰው ሲገባ ትንሽ ወደ እንግዳው ያዞረዋል። አነበበና ፊቱ ተኮማተረ።

«ይሄ ምንድነው? ሟርት ነው እንጂ መልእክት ነው? ይገድላል! መድኃኒት የለውም! ገበያው ሊዘጋ ነው እኮ። የበላይ አካል ቢሰማ ወረርሽኝ ገባ ይባላል። አንቺ እያለሽ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል? አለስልሽው እንጂ እህቴ።»

«እሺ፣ ላስተካክለው» አልኩ።

«ሕዝቡ እንዳይደነግጥ። አብሽሩ የሚል ነገር አስገቢበት።»

ተቀምጬ ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ ሲቀናኝ እንዲያ ነው። «የተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ ሰላምና ጤና ለእናንተ ይሁን» ብዬ ጀመርኩ። «ሰሞኑን ከውሻ ጋር ንክኪ የነበራችሁ ወገኖች ለጤናችሁ ሲባል ሳትዘገዩ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ጎራ ብትሉ መልካም መሆኑን እየገለጽን፣ ባለሙያዎቻችን አስፈላጊውን ክትባት በፈገግታ ለመስጠት ዝግጁ ናቸው። ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ስለሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ አብሽሩ።» በኦሮምኛውም እንደዚሁ ቀባሁት። በኦሮምኛው እንዲያውም ይበልጥ ያምር ነበር።

ያንን ጽሑፍ አሁን ሳነበው የበሰበሰ ቅቤ ይሸተኛል። ዛሬ የሚለው የለም። ነገ ጠዋት የሚለው የለም። አምስት የሚለው የለም። ይምጣ የሚለው «ጎራ ብትሉ መልካም» ሆኗል። «በፈገግታ» የሚለው ግን አለ። ማን ጠየቀኝ ፈገግታ?

ከሁሉ የባሰው ደግሞ አውጥቼ ጣልኳቸው ብዬ አለማሰቤ ነው። እኔ የነርሱን ወረቀት አንብቤያለሁና፣ «ሳትዘገዩ» ስል በኔ ጭንቅላት ውስጥ ዛሬ ማለቴ ነበር። «አስፈላጊውን ክትባት» ስል አምስት መርፌ ማለቴ ነበር። ቃሉ ውስጥ የሌለውን እኔ በዓይኔ እየሞላሁ አነበብኩት። ጽሑፉን የሚሰማው ሰው ግን የነርሱን ወረቀት አላየም። የነርሱን ወረቀት አጠገቡ አስቀምጬ፣ ቀኑ አለ? ቁጥሩ አለ? ትእዛዙ አለ? ብዬ በጣቴ አንድ በአንድ ብነካው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሁለት ደቂቃ ነው የነፈግኳት።

ኃላፊያችን አነበበና «ማሻአላህ! ይሄ ነው ጽሑፍ» አለኝ። ማኅተም አደረገበት። ነርሱ ያንን ቀን የተነከሱትን ሦስት ሰዎች ሲያሯሩጥ ነበርና የተለወጠውን አላየም። እኔም አላሳየሁትም። ለምን? ይቆጣል ብዬ። እውነቱ ይኸው ነው።

ሼኹ ከጁምዓ በኋላ አነበቡት። እሑድ በቤተ ክርስቲያንም ተነበበ። ኃላፊያችን ጽሑፉን በቢሮው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው፤ ለሌሎች ክፍሎች አርአያ ይሁን ብሎ። በየቀኑ አጠገቡ አልፌ እገባለሁ፤ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ደስ ይለኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ለአንድ ዘመቻ ዝግጅት ቢሮ ገብተን ነበር። ነርሱ በኮሪደሩ መጣ።

«አራተኛዋ ሴት አልመጣችም» አለ። «ዛሬ አሥረኛ ቀኗ ነው። ጽሑፉ በትክክል ተነቧል?»

«ተነቧል። ሁለት ቦታ።»

«ታዲያ እንዴት አትመጣም? ዛሬ ወይም ነገ ጠዋት ተብሎ ተነግሯት እንዴት ትቀራለች?» አለና ወደ ሰሌዳው ዞረ። ማንበብ ጀመረ። ከኋላው ቆሜያለሁ። ትከሻው ሲወጣና ሲወርድ ይታየኛል። አንብቦ ጨረሰ፤ እንደገና ከላይ ጀመረ። የጎደለ ገጽ ያለ መስሎት ወረቀቱን ከሰሌዳው ገንጥሎ ጀርባውን አየ።

«የኔ ወረቀት የታለ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ይኸው ነው እኮ… አለስልሼው ነው።»

አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በራችንን በዘበኝነት የሚጠብቁትን አዛውንት ጠራቸው። ማንበብ የማይችሉ፣ ብዙ ነገር ያዩ፣ ከሁሉም ጋር የሚቀልዱ ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ ይህችን ይስሙኝና እኔ ስጠይቅዎት ይመልሱልኝ» አለና የኔን ጽሑፍ ከአፍ እስከ ገደፉ አነበበላቸው።

«እሺ፣ ሰማሁ» አሉ።

«ውሻ የነከሰዎት ቢሆን ምን ያደርጋሉ?»

«ጎራ እላለሁ።»

«መቼ?»

«መንገድ ሲያወጣኝ ነዋ። ጎራ ማለት ለታሰበበት ነገር ነው እንዴ?»

«ስንት ጊዜ ይመጣሉ?»

«አንዴ ከሄድኩ ምን ልሠራ እመለሳለሁ?»

«ባይሄዱስ?»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። «የሚያሰጋ ነገር የለም ብለሽ ጽፈሽ የለ እንዴ ልጄ? ታዲያ ለምን እደክማለሁ?»

ነርሱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ወደ ሽንት ቤት ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ፤ ቧንቧው ውሃ የሚያንጠባጥብ ነበርና ብዙ ቆየሁ። መስታወቱ ላይ የማየው ፊት ለረጅም ጊዜ አስጠላኝ።

በማግስቱ እሑድ በሞተር ወደ ጨፋ ሄድን። ነርሱ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ ነኝ። መጀመሪያ ሼኹ ዘንድ ገባን። ሼኹ ደግ ሰው ናቸው፤ ሰላምታው ብቻ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። «አካም ጅርታ? ልጆች ደህና? ነጋ፣ ሰላም ነው?» ብለው ሲጠይቁ ነርሱ በእግሩ መሬቱን ይቆረቁራል። በመጨረሻ ስለ ወረቀቱ ጠየቅናቸው።

«አነበብኩት ወላሂ» አሉ። «አንድ ሰው ከኋላ ተነሣና ‹ዮም ዱፍና?› አለኝ። መቼ እንምጣ ማለቱ ነው። ወረቀቱን አየሁት፤ የለም። ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። እኔ ከራሴ ቀን ልጨምር? የመንግሥት ወረቀት ነው። ሲመቻችሁ ነው አልኩት።»

ሁለት ሰው ወረቀቴን ገልብጦ ቀኑን ፈልጓል። እኔ የጻፍኩት አንዴም አልገለበጥኩትም።

«ያ ሰው ማነው?» አለ ነርሱ።

«የተነከሰችው ሴትዮ የባሏ ወንድም ነው። ለእሷ ነበር የጠየቀው።»

ቤቷን እሱ አሳየን። ከማሽላው እርሻ ዳር ያለች ቤት ናት። ሴትየዋ አውድማ ላይ ነበረች፤ ዕድሜያችን ይቀራረባል፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ርቆ የሄደ፣ ሦስት ልጆች ያሏት ናት። ትንሿ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች። ቀኝ እጇን አሳየችን። አውራ ጣቷ ሥር ሁለት ጠባሳ አለ፤ በበርበሬና በጨው አሽታዋለች፣ ከላዩ ቅጠል አስራበታለች፣ አሁን ደርቋል።

«ድኗል እኮ» አለች እየሳቀች። «ለዚህ ነው የመጣችሁት? አላህ ይስጣችሁ።»

«ወረቀቱ ሲነበብ አልሰማሽም?» አልኳት።

«ሰማሁ እንጂ! አማቼ መጥቶ ነገረኝ። ደስ የሚል ወረቀት ነው። የሚያሰጋ ነገር የለም፣ አብሽሩ ይላል አለኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። የፈራ ይሂድ፤ እኔ ደግሞ አልፈራሁም። ካልፈራሁ ለምን እሄዳለሁ? በአላህ ተስፋ የቆረጥኩ አይመስልብኝም? ማሽላዬም ወፍ እየበላው ነው።»

እኔ ሰው እንዳይፈራ ብዬ ጻፍኩ። እሷ ደግሞ አለመፍራቷን ለማሳየት ቀረች። ደግነቴ ያመጣው ይህንን ነው። ደግነት ብዬ የምጠራው ነገር ከሩቅ ሲያዩት የኃላፊዬን ፊት ላለማስኮሳተር የተደረገ ፍርሃት ብቻ ነበር። አፈ ቅቤ የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ።

ነርሱ ሊጀምር ሲል አስቆምኩት። «እኔ ልንገራት» አልኩ። ተቀመጪ ሳትለኝ አውድማው ላይ ተቀመጥኩና ያለ ሰላምታ፣ ያለ ዱዓ ነገርኳት። ውሻው እብድ እንደነበር፣ ምራቁ ውስጥ በሽታ እንዳለ፣ በሽታው በምራቅ እንደሚተላለፍ፣ ቁስሉ ቢደርቅም በሽታው በውስጥ ወደ ጭንቅላት እንደሚሄድ፣ አንዴ ከጀመረ ማንም እንደማያድናት፣ እስካሁን ስላልጀመረ ግን ክትባቱ ሊያድናት እንደሚችል። «አሁን ተነሺና እንሂድ። ዛሬ አንድ፣ ከዚያ አራት ጊዜ ትመጫለሽ። አንዱ ከቀረ ዋጋ የለውም።»

ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል ትንሽ ቆየ። ከዚያ ልጅቷን ከቀሚሷ ላይ አላቀቀቻት።

«አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ» አለች። «ያን ጊዜ ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር» አለ ነርሱ።

«ታዲያ ለምን እንዲህ አላላችሁም?»

አማቿ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ፤ እሷም ነጠላዋን አጣፋች።

መጀመሪያውን መርፌ ያን ቀን ወሰደች። ነርሱ ቁስሉን የደረቀ ቢሆንም በሳሙና አጠበላት። በቁስሉ ዙሪያ የሚሰጠው ሌላ መድኃኒት ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ አልነበረም። ቀኖቹን በካርዷ ላይ ጻፍኩላት፤ ማንበብ ስለማትችል ከእያንዳንዱ አጠገብ ገበያውን ነገርኳት፤ ረቡዕ የሮቢት ገበያ፣ ከዚያ እሑድ የሰንበቴ ገበያ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ሰንበቴ፣ ከዚያ አንዱን ሰንበቴ ዘለሽ ሌላኛው። መልሳ እንድትነግረኝ አደረግኩ። አልተሳሳተችም። አምስቱንም መጣች፤ አንዱን በዝናብ፣ በእግሯ።

ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ሳለሰልስ የምሠራው ሥራ አለ። ደረቁን ወረቀት ግራ አስቀምጣለሁ፣ የኔን ቀኝ። በቀይ እስክሪብቶ ደረቁ ላይ ቀኑን፣ ቁጥሩንና አድርጉ የሚለውን አከብባለሁ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ክብ ቀኙ ላይ እፈልጋለሁ። ቁጥሩ ቁጥር ሆኖ ካልተገኘ፣ «ጥቂት» ወይም «አስፈላጊው» ሆኖ ከተገኘ፣ ቀድጄ እጽፈዋለሁ። ሰላምታውን እንደልቤ አደርገዋለሁ፤ ሰላምታ ሰው ገድሎ አያውቅም። ከዚያ በር ላይ ላሉት አዛውንት አነብባለሁ፤ ደረቁን ወረቀት አላዩምና። «መቼ? ስንት ጊዜ? ምን ያደርጋሉ?» እላቸዋለሁ። «ደሞ ፈተና መጣ» ብለው ያጉረመርማሉ፤ ግን ይመልሳሉ። ሲሳሳቱ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ይህን የምናገረው ተማርኩ ብዬ ለመኩራት አይደለም። የባሰው ገና ነው።

ሴትየዋ አምስተኛውን መርፌ በወሰደች በማግስቱ ኃላፊያችን ጠራኝ። ደስ ብሎት ነበር። «ይህቺ ሴት ጥሩ ታሪክ ናት» አለኝ። «ለሩብ ዓመቱ ሪፖርት ጻፊያት። መልእክታችንን ሰምታ በወቅቱ መጥታ ሕይወቷ የተረፈ እናት።»

«መልእክታችንን ሰምታ ነው የቀረችው» አልኩ።

«አውቃለሁ፤ ግን መጥታለች አይደል?»

«በአሥራ አንደኛው ቀን። እኛ ሄደን።»

«እሱን ‹በጥቂት ቀናት ውስጥ› በይው።»

ጻፍኩ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ብዬ ጻፍኩ፤ ምክንያቱንም ጨመርኩ። በማግስቱ ተመልሶ ሲመጣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዞ «በወቅቱ» ይላል። ሄጄ ልከራከር እግሬን አነሣሁ፤ ከዚያ የደረጃ ዕድገቴ በዚያ ወር እንደሚታይ አስታወስኩ። ፈረምኩ። አዎ፣ ፈረምኩ። አዘጋጅ በሚለው ሥር ስሜ ተጽፎ ሄደ። ነርሱ ሲሰማ፣ «አንቺ እንኳ?» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ሻይ አብሮኝ ጠጥቶ አያውቅም። እኔም ብሆን ከራሴ ጋር አልጠጣም ነበር።

ከሦስት ወር ተኩል በኋላ፣ በአንድ ረቡዕ፣ ለሌላ ሥራ ጨፋ ሮቢት ወረድኩ። ሴትየዋን ገበያው ውስጥ አየኋት። ከስታለች። ትንሿ ልጅ አብራት ናት፤ ቀሚሷን አልያዘችም፤ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ጆንያው ላይ ተቀምጣለች።

ስታየኝ ተነሣች። ሰላም ከተባባልን በኋላ ጎተተችኝና በዝግታ ጠየቀችኝ።

«የሚያልፈው መቼ ነው? ቀኑን ንገሪኝ።»

አብሽሪ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። «አምስቱንም ጨርሰሻል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው» አልኳት። «በሽታው የሚጀምር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ ይታያል፤ እሱ አልፎሻል። አልፎ አልፎ እስከ ዓመት የሚቆይ አለ፤ ከዚያም የሚያልፍ አይጠፋም፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። የተቆረጠ ቀን የለኝም፤ ብነግርሽ ውሸት ነው።»

«ዓመት» አለች። በጣቷ ቆጠረች። «እስካሁን አራት ወር ተኩል ችያለሁ። ሰባት ወር ተኩል ይቀረኛል። እችለዋለሁ።»

«ምኑን ነው የምትችዪው?»

ወደ ልጅቷ ተመለከተች። «ያን ቀን በምራቅ ነው የሚተላለፈው ብለሽኝ አልነበር? ከዚያ ወዲህ አልሳምኳትም። በኔ ዕቃ አትጠጣም፣ አጠገቤ አትተኛም። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች።»

ያን ቀን አውድማው ላይ፣ ያለ ቅቤ ነገርኳት ብዬ ራሴን ያመሰገንኩበት ቀን፣ በሽታው በምራቅ ይተላለፋል ብዬ ነበር። ምን አድርጊ፣ ምን አታድርጊ፣ እስከ መቼ፣ አላልኩም። መልሰሽ ንገሪኝ ያልኳት የመርፌውን ቀን ብቻ ነው። ነገር ለማጉደል ማለስለስም አያስፈልገኝ ኖሯል፤ በደረቁም እንዲያው ነኝ።

«ስሚኝ» አልኳት። «ሌላውን የሚያስይዘው በሽታው የጀመረው ሰው ነው። አንቺ አልጀመረሽም፤ ጤነኛ ነሽ። ሳሚያት። ዓመት አትጠብቂ፤ ዛሬ፣ አሁን ሳሚያት። አብራሽ ትብላ፣ አብራሽ ትተኛ። ምን አልኩሽ? መልሰሽ ንገሪኝ።»

«ሳሚያት አልሽኝ» አለች። «አሁን።»

ዞር አለችና ጆንያው አጠገብ ተንበረከከች። ሁለት እጇን ዘርግታ ጠራቻት። ልጅቷ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እኔን አየች፤ ከዚያ እናቷ ልትስማት ስትጠጋ ልጅቷ ፊቷን አዞረችባት።